ሁለቱ አመዳዮች፦ ኢምፕረሽኒዝም እና ከእሱ የራቁት ሠዓሊዎች

ፓሪስ ውስጥ፣ በሴን ወንዝ ዳር በሚገኘው የኦርሴ ሙዚየም፣ አንድ ሰው በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ የሣላቸው ሁለት ሥዕሎች አሉ። ሠዓሊው ካሚል ፒሳሮ ነው። የሁለቱም ጉዳይ በብርድ ወራት ማለዳ የፈረንሳይን ማሳ የሚያለብሰው አመዳይ ነው። የመጀመሪያውን በ1873፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ1887 ጀምሮ በ1888 ሣለው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በመካከላቸው 15 ዓመት ገደማ አለ። ፊርማቸውን ሸፍኖ ጎን ለጎን ላያቸው ሰው ግን የሁለት ሠዓሊዎች ሥራ ይመስላሉ።

ኢምፕረሽኒዝም ምን እንደሆነ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎችም ለምን እንደራቁት ለመረዳት ከእነዚህ ሁለት ሥዕሎች የተሻለ መነሻ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚብራራው ሞኔን በአንድ ወገን፣ ቫን ጎግን በሌላ ወገን አቁሞ ነው። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ የሁለት ሰዎች የጠባይ ልዩነት ይመስላል። ፒሳሮ ግን ሁለቱንም ወገን በገዛ እጁ ሞክሯል። ከኢምፕረሽኒስቶች አንጋፋው እሱ ነበር፤ ቡድኑ በ1874 እና በ1886 መካከል ባዘጋጃቸው ስምንት ዐውደ ርዕዮች ሁሉ ሥራውን ያቀረበም እሱ ብቻ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜው መካከል ላይ ደግሞ አብሮ የመሠረተውን መንገድ ትቶ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተሰለፈ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። የ1873ቱ ሥዕል ፖንቷዝ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ያለ የታረሰ ማሳ ያሳያል። አንድ ሰው ጭራሮ ተሸክሞ፣ ምርኩዙን ይዞ በመንገዱ ይወጣል። ዋናው ነገር ግን ሰውዬው አይደለም። በማሳው ላይ ረጃጅም የዛፍ ጥላዎች ትልሙን አቋርጠው ተጋድመዋል፤ ዛፎቹ ራሳቸው ግን ሥዕሉ ውስጥ የሉም። ከክፈፉ ውጪ፣ ሠዓሊው ከቆመበት ወገን ናቸው። ፒሳሮ የሣለው ዛፍን ሳይሆን ዛፉ ብርሃኑን ሲከልል መሬቱ ላይ የሚሆነውን ነው።

ቀለሙ ተቀብቶ እንዲለሰልስ አልተደረገም። በጠፍጣፋ ብሩሽ ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንዱ ምት በሌላው ላይ ሳይደርቅ እየተደረበ ተጥሏል። አመዳዩ ባለበት ቦታ ነጣ ያለው ቀለም ወፍሮና ሻክሮ ይታያል፤ መሬቱ በሚታይበት ቦታ ደግሞ ብሩሹ ትልሙ የሚሄድበትን አቅጣጫ ተከትሏል። ጥላው ጥቁር አይደለም፤ ወደ ሰማያዊና ወደ አመድማ ያደላል። በ1874 በፎቶግራፍ አንሺው ናዳር የቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ የመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ ሲከፈት፣ ሻሪቫሪ በተባለው ጋዜጣ ላይ የጻፈው ሉዊ ለሯ ይህን ሥዕል ከቀለም ሰሌዳ ላይ ተፍቆ በቆሸሸ ሸራ ላይ የተለጠፈ ቅራሪ አድርጎ አላገጠበት። ቡድኑን በሞኔ ሥዕል ርዕስ እያሾፈ «ኢምፕረሽኒስቶች» ያለውም በዚያው ጽሑፉ ነው።

ለሯ አልወደደውም እንጂ ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም። በዚያ ዘመን በመንግሥት ድጋፍ በየጊዜው በሚካሄደው ሳሎን ላይ የሚሰቀል ሥዕል የብሩሽ ምልክት እንዳይታይበት ተደርጎ ይለሰልስ ነበር። ኢምፕረሽኒስቶች ምልክቱን የተዉት ከስንፍና ሳይሆን ከችኮላ ነው፤ ችኮላውም ምክንያት ነበረው። የማለዳ ብርሃን ይለወጣል። ጥላው ባለበት ቦታ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ሠዓሊው ሜዳ ላይ ቆሞ ያን ብርሃን ለመያዝ ከፈለገ፣ ቀለሙን እያሸ፣ እያደረቀና በስስ ሽፋን እየደራረበ የሚሠራበት ጊዜ የለውም። ብሩሹ ዐይኑን መከተል አለበት። በ1841 አሜሪካዊው ጆን ጎፍ ራንድ የሚጨመቅ የብረት ቱቦ ፈልስፎ የዘይት ቀለም በኪስ የሚያዝ ካደረገው በኋላ ደግሞ ሠዓሊው ሜዳ ለመውጣት የሚያግደው ነገር አልነበረም። ክሎድ ሞኔ በ1870 ትሩቪል የባሕር ዳርቻ ላይ በሣለውና ዛሬ ለንደን በሚገኘው ሥዕሉ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣቶች ከቀለሙ ጋር ተጣብቀው ተገኝተዋል። ንፋሱ ያመጣቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጋነን መነገር አለበት። ኢምፕረሽኒስቶች ሁልጊዜ ሁሉንም ነገር ሜዳ ላይ በአንድ ትንፋሽ አልጨረሱም። ሞኔ በተለይ በኋላ ዘመኑ፣ የድርቆሽ ክምሮቹንና የሩዋን ካቴድራልን በተከታታይ ሲሥል፣ ሸራዎቹን ወደ ቤቱ ወስዶ ለወራት ይነካካቸው ነበር። ቢሆንም ግቡ አልተለወጠም። ሥዕሉ የተሠራበት ጊዜ ረጅም ቢሆንም የሚያሳየው ጊዜ አጭር ነው። የድርቆሽ ክምሩ አንድ ሆኖ ሸራው የበዛው እያንዳንዱ ሸራ የራሱን ሰዓት ብቻ ስለሚመለከት ነው።

በቀለም በኩል ኢምፕረሽኒስቶች ከመጽሐፍ ይልቅ በዐይናቸው ያምኑ ነበር። ጥላ ቀለም አለው ብለው የወሰኑት በበረዶና በአመዳይ ላይ ስላዩት ነው። ፀሐይ ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ጥላው ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ስለዚህ ጥቁሩን ቀለም ከሰሌዳቸው ላይ ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው አስወገዱት። ከሳይንሱ ጋር የሚገጥም ነገር ያደርጉ ነበር፤ ነገር ግን ሕጉን አስቀድሞ አስልቶ፣ ከዚያ ብሩሽ የሚያነሣ ከመካከላቸው አልነበረም።

ሕጉ ግን ተጽፎ ነበር። ሚሼል ኧዤን ሼቭረል የተባለ ኬሚስት በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍና የግድግዳ መጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ደንበኞች ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው እያሉ ሲያማርሩ መረመረውና ጥፋቱ በማቅለሚያው ውስጥ አለመሆኑን አገኘ። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ክር ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1839 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጥ አስረዳ። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካንማ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ ጋር ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም ይደምቃሉ። እነዚህን ጥንዶች ተሟዪ ቀለሞች እንበላቸው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አብዛኛው የእነሱ ታሪክ ነው።

በ1885 ፒሳሮ ሁለት ወጣቶችን አወቀ፤ ፖል ሲኛክንና ዦርዥ ሱራን። ሱራ የ25 ዓመት ልጅ ነበር። የሼቭረልን መጽሐፍ አንብቧል፤ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦግደን ሩድ በ1879 ያወጣውንና በ1881 ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመውንም አንብቧል። ሩድ አጥብቆ ያስረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ቀለምን ከቀለም ጋር በሰሌዳ ላይ መደባለቅና ብርሃንን ከብርሃን ጋር በዐይን ውስጥ መደባለቅ አንድ አይደሉም። በሰሌዳ ላይ የተደባለቀ ቀለም በተጨመረበት ቁጥር እየጨለመ ይሄዳል። ስለዚህ ሱራ አሰበ፦ ንጹሕ ቀለሞችን ሳንደባልቅ በትናንሽ ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው፣ ድብልቁን የተመልካቹ ዐይን ከሩቅ ይሠራዋል፤ ሥዕሉም አይጨልምም።

ይህን ሐሳብ በትልቁ የሞከረበት ሥራ ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የሚገኘው «እሑድ በግራንድ ዣት ደሴት» ነው። ከፍታው ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር አልፎ ይሄዳል። ሱራ በ1884 ጀምሮ በ1886 ጨረሰው። ደሴቱ ላይ እየሄደ በሲጋራ ሣጥን መጠን ባሉ እንጨቶች ላይ ፈጣን ንድፎችን ይሠራ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ከሞኔ ብዙም አይለይም። ከዚያ ግን ወደ ስቱዲዮው ይመለሳል። ለዚህ አንድ ሥዕል ወደ 60 የሚጠጉ ንድፎችና ሙከራዎች ሠርቷል። ሰዎቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል፣ ያነሣቸዋል፣ ይመልሳቸዋል። ጃንጥላ የያዘችው ሴት፣ ሣሩ ላይ የተጋደመው ሰው፣ ነጭ የለበሰችው ሕፃን፣ ሁሉም በጎን ወይም ፊት ለፊት እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይም ተቀምጠዋል። ሱራ የዘመኑን ሰዎች በአቴና ፓርተኖን ቤተ መቅደስ ላይ እንደተቀረጸው ሰልፍ ማሳየት እንደሚፈልግ ለወዳጁ ነግሮታል። አንድ እሑድ ከሰዓትን አልነበረም የፈለገው። እሑድን ሁሉ የሚወክል፣ የማያልፍ እሑድ ፈለገ።

ልዩነቱ ነጠብጣቡ ነው ብለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን እዚህ ጋ ይሳሳታሉ እላለሁ። የግራንድ ዣትን ሥዕል ቀርበው የመረመሩ ባለሙያዎች እንደሚያሳዩት፣ ሥዕሉ መጀመሪያ የተሠራው በነጠብጣብ አልነበረም። ሣሩ በአጫጭር የተመሳቀሉ ምቶች፣ ውሃው በአግድም ምቶች ተሠርቶ ነበር፤ ነጠብጣቦቹ የመጡት በኋላ፣ በላዩ ላይ ነው። ስለዚህ ሱራን ከሞኔ የለየው መጀመሪያ የምቱ ቅርጽ ሳይሆን ምቱ ለማን እንደሚታዘዝ ነው። የሞኔ ምት ለሚያልፈው ብርሃን ይታዘዛል። ውሃ ሲሆን ይንሸራተታል፣ ቅጠል ሲሆን ይበተናል፣ ሲቸኩል ይረዝማል። የሱራ ምት ለሠዓሊው ዕቅድ ይታዘዛል። ነጠብጣቡ ውሃም ሆነ ቀሚስ፣ ውሻም ሆነ ዛፍ መጠኑን ብዙም አይለውጥም። የእጁ ስሜት እንዳይታይ ነው የተመረጠው።

ፒሳሮን የሳበው ይህ ነበር። የቀድሞ ወዳጆቹን «ሮማንቲክ ኢምፕረሽኒስቶች»፣ አዲሶቹን ደግሞ «ሳይንሳዊ ኢምፕረሽኒስቶች» ብሎ መለየት ጀመረ። በግንቦት 1886 ስምንተኛውና የመጨረሻው ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ፒሳሮ፣ ልጁ ሉሲየን፣ ሱራ እና ሲኛክ ሥራቸውን በአንድ ክፍል ለብቻቸው ሰቀሉ። ሞኔ፣ ሬኗርና ሲስሌ በዚያ ዐውደ ርዕይ ላይ አልተሳተፉም። ኢምፕረሽኒዝም እንደ ቡድን ያበቃው በዚያ ዓመት ነው ማለት ይቻላል። ወጣቱ ሃያሲ ፌሊክስ ፌኔዮን በዚያው ዓመት ለአዲሶቹ «ኒዮ ኢምፕረሽኒስት» የሚል ስም ሰጣቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው አመዳይ እንመለስ። በዚህኛው ሥዕል አንዲት ወጣት የገጠር ሴት እሳት ለማንደድ ረጅም ቅርንጫፍ እየሰበረች ነው፤ አጠገቧ አንድ ልጅ አለ፤ ጭሱ ይነሣል፤ ከኋላቸው አመዳይ የለበሰ ሜዳ ተዘርግቷል። ልብ ብለው ቢያዩት የሴትዮዋ ቀሚስ ሰማያዊ ብቻ አይደለም። ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካንማና ሐመር ያሉ ጥቃቅን ምቶች እንደ አሸዋ ተዘርተውበታል። ሜዳው ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ቢጫና ሮዝ፣ በጥላው በኩል ሰማያዊና አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተለክተው ገብተዋል። በ1873 ጥላው ሰማያዊ የሆነው ፒሳሮ ሰማያዊ ሆኖ ስላየው ነው። በ1888 ሰማያዊ የሆነው ደግሞ ብርሃኑ ብርቱካንማ በመሆኑ ሕጉ ስለሚያዝ ጭምር ነው። ዐይኑ አልጠፋም፤ ግን ከዐይኑና ከሸራው መካከል አንድ ደንብ ገብቷል።

ደንቡ ዋጋ አስከፈለው። እንዲህ ያለ ሥዕል በፍጥነት አይሠራም። የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱን ምት ከጎረቤቱ ጋር እያመዛዘኑ፣ የታችኛው እስኪደርቅ እየጠበቁ። የፒሳሮ የሥራ ብዛት ቀነሰ። ሥዕሎቹን ይገዛው የነበረው ነጋዴ ፖል ዱራን ሩኤል አዲሱን አሠራር አልወደደውም። ብዙ ልጆች ላሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከችግር ላልወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሳይንሱም ቢሆን ቃል የገባውን ሁሉ አልሰጠም። የቀይና የአረንጓዴ ቀጭን ክር እያፈራረቁ የሸመኑትን ጥለት ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከቅርብ የሚደምቁት ሁለቱ ቀለሞች ከሩቅ ተዋሕደው ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቡናማ ያዘነብላሉ። የሱራ ነጠብጣቦችም እንዲሁ ናቸው። ዐይን ውስጥ የሚደባለቁ ተሟዪ ቀለሞች አማካይ ብርሃን ይሰጣሉ እንጂ ከሁለቱም የበለጠ ድምቀት አይሰጡም። ሸራው ያምር የነበረው ነጠብጣቦቹ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይዋሐዱ፣ በሚንቀጠቀጡበት መካከለኛ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ የበለጠ ከራቁ ይፈዝዛል። ሌላም ችግር አለ፤ ሱራ በግራንድ ዣት ሣር ላይ የጣላቸው ዚንክ ቢጫ የተባለው አዲስ ቀለም ነጠብጣቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቡናማ ዞሩ። ሱራ በ31 ዓመቱ በ1891 ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት ፌኔዮን ቀለሙ መበላሸቱን ጽፏል። ዛሬ ቺካጎ ሄዶ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ሱራ ካሰበው ይበልጥ የደበዘዘ ሣር ነው የሚያየው።

ፒሳሮ ነጠብጣቡን ከ1890 አካባቢ ጀምሮ ተወው። ምክንያቱን በኋላ በ1896 ለቤልጅጋዊው ሠዓሊ ሄንሪ ቫን ደ ቬልደ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል፦ በዚያ መንገድ ስሜቱን መከተል፣ ሕይወትንና እንቅስቃሴን ማሳየት፣ ተፈጥሮ በየቅጽበቱ የምታቀርባቸውን ገጽታዎች መያዝ አልቻለም። ይህን ውድቀት አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኔ እንደማየው ግን ፒሳሮ በአራት ዓመት ውስጥ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ድንበር ሌላ ማንም ባላሳየው ግልጽነት አሳይቷል። ቅጽበትን የሚፈልግ ሰው ደንብን እስከ መጨረሻው ሊከተል አይችልም፤ ደንብን የሚከተል ሰውም ቅጽበትን ይሠዋል።

ከኢምፕረሽኒዝም የራቁት ሌሎቹ በየራሳቸው በር ነው የወጡት። ፖል ሴዛን የፒሳሮ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በፖንቷዝና በኦቬር አብረው ሠርተዋል፤ ሴዛን የፒሳሮን አንድ ሥዕል እስከ መቅዳት ደርሷል። ጥቁሩን ቀለም ማቃለልና ተፈጥሮ ፊት መቆምን ከእሱ ተማረ። ቅር ያሰኘው የኢምፕረሽኒስት ሥዕል አለመጽናቱ ነው፤ በሙዚየም እንዳሉት የቀድሞ ሥራዎች ጠንካራና ዘላቂ እንዲሆን ፈለገ። ስለዚህ የብሩሽ ምቱን አንድ አቅጣጫ አስያዘው። አጫጭር፣ ትይዩና ጎን ለጎን የተደረደሩ ምቶቹ ዛፉንም ድንጋዩንም ሰማዩንም በአንድ ዓይነት ጡብ የሚገነቡ ይመስላሉ። ጥላን በማጨለም ሳይሆን ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ቀለም በመሸጋገር አንድ ፖም እንዲከብ ያደርጋል። ጊዜን በሚመለከት ግን ከሞኔ ፍጹም ይለያል። ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር እንደሚተርከው፣ በ1899 ሴዛን ምስሉን ሲሥለው 115 ጊዜ ተቀምጦለት ሥራው ሳያልቅ ቀረ፤ ሠዓሊው የተደሰተው በሸሚዙ ደረት ብቻ ነበር።

ቪንሰንት ቫን ጎግ ፓሪስ የደረሰው በ1886 መጀመሪያ፣ ልክ ይህ ሁሉ ሲሆን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የፒሳሮንና የሲኛክን አሠራር ሞክሮ፣ የጨለመ የሆላንድ ሰሌዳውን ጥሎ በየካቲት 1888 ወደ አርል ወረደ። በመስከረም ወር ሦስት ሌሊት እያመሸ፣ ቀን እየተኛ «የሌሊት ካፌ»ን ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ግድግዳው ደም የመሰለ ቀይ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣ መሀል ላይ ያለው የቢሊያርድ ጠረጴዛም አረንጓዴ፣ ወለሉ ቢጫ ነው። ከመብራቶቹ ዙሪያ ብርሃኑ በወፍራም ክብ ምቶች ይዞራል። የግድግዳው ሰዓት እኩለ ሌሊት ማለፉን ያሳያል፤ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ደፍተዋል።

ቀይና አረንጓዴ የሼቭረል ጥንድ ናቸው። የ1888 ፒሳሮ ሁለቱን በነጠብጣብ አድርጎ እንዲዋሐዱ ያስጠጋቸዋል። ቫን ጎግ ግን በሰፊ ሜዳ አፋጥጦ ያቆማቸዋል፤ እንዲዋሐዱ አይፈልግም፣ እንዲጣሉ ነው የሚፈልገው። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈለት ደብዳቤ በቀይና በአረንጓዴ የሰውን አስፈሪ ስሜቶች ለመግለጽ እንደሞከረ፣ ያ ካፌም ሰው ራሱን የሚያጠፋበትና የሚያብድበት ቦታ መሆኑን ለማሳየት እንዳሰበ ነግሮታል። የካፌው ግድግዳ በእውነት ምን ያህል ቀይ ነበር የሚለው ጥያቄ ለሞኔ ዋና ነገር ነው፤ ለቫን ጎግ አይደለም። የብሩሽ ምቱም እንዲሁ ነው። የሞኔ ምት ብርሃን ውሃ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጣል፤ የቫን ጎግ ምት የሚንቀጠቀጠው ሠዓሊው ሲንቀጠቀጥ ነው።

ፖል ጎጋን ከሁሉም ይበልጥ ራቀ። እሱም የፒሳሮ ተማሪ ነበር፤ በኢምፕረሽኒስቶቹ ዐውደ ርዕዮችም ተሳትፏል። በ1888 ብሪታኒ ውስጥ በፖን አቨን በሣለው «ከስብከቱ በኋላ የታየ ራእይ» በተባለው ሥዕል፣ ነጭ ቆብ የደፉ የገጠር ሴቶች ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል ያያሉ። ትግሉ የሚካሄድበት መሬት ከዳር እስከ ዳር ደማቅ ቀይ ነው። ምት የለም፣ ነጠብጣብ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ብርሃንም የለም፤ በጥቁር መስመር የታጠረ ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ነው። ቀዩ ከተፈጥሮ የተወሰደ አይደለም፤ የሚታየው ነገር በሴቶቹ ልቡና ውስጥ መሆኑን የሚናገር ነው። ጎጋን ሥዕሉን በአካባቢው ላለ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ ቢሞክር አልተቀበሉትም። አሁን ኤድንብራ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ያልታወቀ የዚያ ዘመን ሥዕል በሙዚየምም ሆነ በስልክ መስታወት ላይ ሲያጋጥም የሠዓሊውን ስም ከመፈለግ በፊት ጥላውን ማየት ይጠቅማል። ጥላው በዚያ ሰዓት እንዲህ ነበር ብሎ የሚያሳምን ከሆነ፣ የብሩሹ ምትም ከነገር ነገር የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ኢምፕረሽኒስት ነው ማለት ያስደፍራል። ምቱ በሸራው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተደረደረ፣ ሠዓሊው ከቅጽበቱ በላይ ሌላ ሕግ አስቀምጧል፤ ሕጉ የሱራ ስሌት ወይም የሴዛን ግንባታ ሊሆን ይችላል። ጥላው ጨርሶ ከጠፋ ወይም ቀለሙ ከምንም ብርሃን ጋር የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ስለ ውጪው ዓለም መናገሩን ትቶ ስለ ውስጡ እየተናገረ ነው። ይህ መለኪያ ሁልጊዜ አይሠራም። ሬኗር በ1881 ጣሊያን ሄዶ ከተመለሰ በኋላ እሱ ራሱ ለጥቂት ዓመታት ወደ ጠንካራ መስመር ዞሯል፤ ሞኔም በስተርጅና በሣላቸው የውሃ አበቦች ላይ ቅጽበቱ እየጠፋበት ሄዷል። ድንበሩን ሠዓሊዎቹ በየጊዜው ተሻግረውታል።

ፒሳሮ ከነጠብጣቡ ከተመለሰ በኋላ በ1873 ወደነበረበት በትክክል አልተመለሰም። የዐይን ሕመም ሜዳ ላይ መሥራትን ሲከለክለው የሆቴል ክፍል እየተከራየ በመስኮት ይሥል ጀመር። በ1897 መጀመሪያ ከሆቴል ደ ሩሲ መስኮቱ ላይ ቡልቫር ሞንማርትርን በ14 ሥዕሎች ያዘው፤ በጠዋት፣ በጭጋግ፣ በፀሐይ። ከእነዚህ አንዱ፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው፣ የሌሊት ነው። እርጥቡ መንገድ ላይ የጋሪዎቹና የሱቆቹ መብራት በፍጥነት በተጣሉ የብርቱካንና የሰማያዊ ምቶች ተበትኗል። ምቱ የነፃ ሰው ምት ነው፤ ብርቱካኑንና ሰማያዊውን ማጣመሩን ግን ሱራ ካስተማረው አልረሳም። የእኔ ምርጫ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ነው፤ ለንደን የሚኖር ወይም የሚያልፍ አንባቢ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ከዚያም አምስት እርምጃ ርቆ እንዲያየው እመክራለሁ።

እነዚህን ከኢምፕረሽኒዝም የራቁ ሠዓሊዎች ዛሬ «ድኅረ ኢምፕረሽኒስቶች» ብለን በአንድ ላይ የምንጠራቸው እንግሊዛዊው ሃያሲ ሮጀር ፍራይ በ1910 ለንደን ግራፍተን ጋለሪ ለከፈተው ዐውደ ርዕይ ስም ሲፈልግ ስለመረጠው ነው። ያን ጊዜ ቫን ጎግ ከሞተ 20 ዓመት፣ ሱራ 19፣ ጎጋን 7፣ ሴዛን 4 ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ስሙን አንዳቸውም አልሰሙትም። ሬኗር እስከ 1919፣ ሞኔ እስከ 1926 ኖረዋል።